ኮሌታው ምን አለ?

ሞላሌ ላይ «ሱፍ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይጠራል። አንደኛው በበጉ ጀርባ ላይ የሚበቅለው ነው። ይሸለታል፣ ይፈተላል፣ ይሸመናል፤ ባናና በርኖስ ሆኖ የመንዝን ብርድ ይመክታል። ሁለተኛው በላስቲክ ተሸፍኖ ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን አድርጎ፣ ጣርማበር ላይ ተገንጥሎ የሚመጣው ሙሉ ልብስ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከበግ ፀጉር ይልቅ ፖሊስተር ይበዛበታል። ስሙ ግን ያው ሱፍ ነው።

የመጀመሪያውን ሱፍ መንዝ አሳምሮ ያውቀዋል። የትኛው ለባና፣ የትኛው ለበርኖስ እንደሚሆን በጣቱ ዳስሶ ይለያል። ሁለተኛውን ሲገዛ ግን የሚጠይቀው ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ዋጋው ስንት ነው? ቀለሙ ምንድን ነው? ልኬ ነው ወይ? ልብሱ በሰው ፊት የሚናገረው ነገር ተጽፎ የሚገኘው ኮሌታው ላይ ነው፤ እሱ ግን ሳይጠየቅ ይታለፋል። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ያልተጠየቀ አራተኛ ጥያቄ ነው።

ጨርቅ በአለባበሱ እንደሚናገር ለዚህ አገር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ያው አንዱ ነጠላ ቤተ ክርስቲያን ሲኬድ መስቀለኛ ይጣፋል። ሐዘን ሲሆን ጥለቱ ወደ ላይ ይወጣና ለቀስተኛው ከሩቅ ይታወቃል። በድሮው ዘመን ሰው ጌታው ፊት ሲቀርብ ኩታውን ከትከሻው አውርዶ ወገቡ ላይ አስሮ ያደገድግ ነበር፤ ትከሻው የተሸፈነና የተገለጠ ሰው እኩል አልነበረም። ጨርቁ አልተቀየረም፣ ዋጋውም አልተቀየረም። የተቀየረው እጥፋቱ ነው። የኮት ኮሌታም እንዲሁ እጥፋት ነው። ልዩነቱ የነጠላውን ሰዋስው እናት ለልጇ ስታስተምር፣ የኮቱን ሰዋስው ግን ያስተማረ አለመኖሩ ነው። ልብሱ መጣ፤ መዝገበ ቃላቱ አውሮፓ ቀረ።

ነገሩ ከየት ተነሳ ቢባል፣ የዛሬው ኮት አያት አንገት ድረስ የሚቆለፍ የወታደርና የፈረሰኛ ካፖርት ነበር። ሙቀት ሲሆን ወይም ሰውዬው ከፈረሱ ሲወርድ የላይኞቹን ቁልፎች ይፈታል። የተፈታው የደረት ጨርቅ ወደ ውጭ ይገለበጣል። ያ የተገለበጠ ጨርቅ ቀስ በቀስ ተሰፍቶ ቀረና የኮቱ ቋሚ አካል ሆነ። እንግሊዞች ላፔል ይሉታል፤ እዚህ ግን ከአንገት ዙሪያው ጋር ተደምሮ ሁሉም ኮሌታ ነው። ማስረጃው ዛሬም አለ። በግራው ኮሌታ ላይ ምንም ቁልፍ የማይገባበት አንድ የቁልፍ ቀዳዳ አለ። ሰው አበባ ወይም የባንዲራ ምልክት ይሰካበታል፤ ድሮ ግን ኮቱን አንገት ላይ የሚዘጋው ቁልፍ የሚገባበት ቀዳዳ ነበር።

ከዚህ እጥፋት ሦስት ዓይነት ኮሌታ ወጣ።

የመጀመሪያው ቁርጡ ነው፤ በውጭ ስሙ ኖች። የአንገቱ ዙሪያና የደረቱ እጥፍ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ትንሽ ሦስት ማዕዘን የተቆረጠች የምትመስል ክፍተት አለችው። ቢሮ ውስጥ፣ ባንክ ውስጥ፣ ስብሰባ ላይ፣ ቴሌቪዥን ላይ ከሚታዩት አሥር ኮቶች ምናልባት ዘጠኙ ይህ ናቸው። የተወለደው ከሥራና ከመንገድ ልብስ ነው። መልእክቱም ያው ነው፦ «ለሥራ መጥቻለሁ፤ አክብሬአችኋለሁ፤ ራሴን ግን ከሌላው ለይቼ አላቆምኩም።» ስለዚህ በሁሉም ቦታ ያስኬዳል። ጥቁር ሰማያዊ ወይም ድፍን ግራጫ ሲሆን ከፍርድ ቤት እስከ ለቅሶ ቤት ማንንም አያስቀይምም።

ሁለተኛው ሹሉ ነው፤ ፒክ ይሉታል። እዚህ ክፍተት የለም። የደረቱ እጥፍ ጫፍ እንደ ጦር ወደ ትከሻው አቅጣጫ ሽቅብ ይወጣል። ይህ ከወንድ ልብስ ሁሉ በመደበኛነቱ ከፍ ካሉት የመጣ ነው፦ ከኋላው ጅራት ካለው የምሽት ኮት፣ ቀን ከሚለበሰው ረጅም የክብር ኮት። የኖቤል ሽልማት ስቶክሆልም ላይ ሲሰጥ ወንዶች የሚለብሱት ባለ ጅራት ኮት ኮሌታው ሹል ነው። ባለ ሁለት ረድፍ ቁልፍ ኮትም በደንቡ ሹል ኮሌታ ይዞ ነው የሚሰፋው። መልእክቱ «ይህ ቀን ከሌላው ቀን ይለያል፣ ወይም እኔ እዚህ ቦታ ላይ ኃላፊ ነኝ» ነው። ትከሻን ሰፊ፣ ወገብን ቀጭን ያስመስላል። መንዝ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም፤ በርኖሱም ትከሻ ላይ ሾጠጥ የሚል ጫፍ አለው፤ የሚለብሰውም ዋዛ ሰው አልነበረም።

ሦስተኛው ሻሉ ነው። ስሙ እንደሚለው አንገት ላይ ጣል የተደረገ ሻል ይመስላል። ክፍተትም ሹልም የለውም፤ ከአንገት ጀምሮ እስከ ቁልፉ ድረስ አንድ ወጥ ሆኖ ክብ እያለ ይወርዳል። ብዙውን ጊዜ በሳቲን ስለሚሸፈን ያብለጨልጫል። አዲስ አበባ ውስጥ የሙሽራ ልብስ የሚያከራዩና የሚሸጡ ቤቶች መስታወት ላይ ከፊት የሚሰቀለው ይህ ነው። ስለሚያብለጨልጭም ሰው ሁሉ ከሦስቱ ትልቁ ነው ብሎ ያምናል።

ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

የሻሉ ኮሌታ አባት የጭስ ኮት ነበር። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ መኳንንት ከእራት በኋላ ሲጋራቸውን ሲያጨሱ፣ ዋናው ልብሳቸው ጭስና አመድ እንዳይነካው የሚደርቡት ምቹ የቤት ልብስ ነው። ከዚያ በኋላ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1880ዎቹ በኒውዮርክ አቅራቢያ ባለው ቱክሲዶ ፓርክ በተባለ መንደር ሀብታሞች ጅራት የሌለውን አጭር የእራት ኮት ባለ ጅራቱን ኮት ትተው መልበስ ጀመሩ። አሜሪካኖች ልብሱን በመንደሩ ስም ቱክሲዶ ብለው ጠሩት። ፈረንሳዮችና ጣሊያኖች ደግሞ እስከ ዛሬ ስሞኪንግ ይሉታል፤ ጭሱ ከስሙ አልወጣም። ሻል ኮሌታ የዚህ የእራት ኮት ነው። ለምሽት ነው፣ ለመብራት ነው፣ ለወዳጅ ዘመድ ግብዣ ነው። ከባለ ጅራቱ ኮት አንድ ደረጃ ዝቅ ይላል። በራሱ በእራት ኮቱ ውስጥ እንኳ ሹል ኮሌታ ያለው ከሻሉ ይልቅ መደበኛ ተደርጎ ይቆጠራል።

ስለዚህ መሰላሉ ብዙ ሰው እንደሚያስበው በብልጭታ አይለካም። የመጀመሪያው ጥያቄ ሰዓቱ ነው። የሚያብለጨልጭ ኮሌታ የምሽት ነው፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቦታ የለውም። ቀን ላይ ከፍ ማለት የፈለገ ሰው ወደ ሳቲን አይሄድም፤ ወደ ሹሉ ይሄዳል፣ ጨርቁም የማያብለጨልጭ ይሆናል። ቀን ላይ ከሁሉም ጋር እኩል መቆም የፈለገ ሰው ቁርጡን ይለብሳል። መሰላሉ ይኸው ነው።

ኮሌታ ሲጠፋም ይናገራል። ይህን በተለይ ፖለቲካ የሚከታተል ሰው ያውቀዋል። ቻይና ውስጥ በሱን ያት ሴን ስም የሚጠራው፣ ኋላም በማኦ የታወቀው ልብስ ደረቱ ላይ የሚገለበጥ ኮሌታ የለውም፤ አንገት ድረስ ይቆለፋል። ዛየር ላይ ሞቡቱ ሙሉ ልብስና ከረባት ከልክለው አባኮስት የሚባል ልብስ ሲያስለብሱ፣ ስሙ ራሱ ከፈረንሳይኛ የተወሰደ «ሱፍ ይውደም» ማለት ነበር። እዚህም ኢሠፓ ሲመሠረት የፓርቲው ሹማምንት አንገት ድረስ የሚቆለፍ ዩኒፎርም ለብሰው መድረኩን ሞሉት። ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ባለሥልጣኑ ቀስ በቀስ ወደ ቁርጡ ኮሌታና ወደ ከረባቱ ተመለሰ። የተገለበጠው ጨርቅ ሲዘጋ «ከእነሱ አይደለንም» ማለት ነበር፤ ሲከፈት ደግሞ «ከዓለም ጋር ጠረጴዛ እንቀመጣለን» ማለት ሆነ። አንድ እጅ የማትሞላ ጨርቅ ይህን ሁሉ መሸከም ከቻለች፣ በአንድ ሙሽራ ደረት ላይ ዝም ትላለች ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው።

ሙሽራው የሞላሌ መምህር ነው። ሰርጉ ከጥምቀት በኋላ፣ ጾም ሳይገባ፣ በጥር መጨረሻ ተቆርጧል። ታላቅ እህቱ አረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። የሰርጉን ልብስ «እኔ ነኝ የምችለው» ብላ ገንዘቡን ልካለች። ከገንዘቡ ጋር ፎቶ ልካለች፦ ደማቅ ሰማያዊ ኮት፣ ጥቁር የሳቲን ሻል ኮሌታ፣ ቢራቢሮ ከረባት። በድምፅ መልእክትም «ወንድሜ፣ እንደ ሙሽራ ልበስ፤ ፎቶህን ለምሠራባቸው ሰዎች አሳያቸዋለሁ» ብላዋለች። የላከችው ብር ከእሱ ከሁለት ወር ደሞዝ በላይ ነው። ለእሷ ስንት ወር እንደሆነ ግን አልጠየቃትም።

መምህሩ አዲስ አበባ ከመውረዱ በፊት ፎቶውን ይዞ ሞላሌ ገበያ አጠገብ ወዳሉ ልብስ ሰፊ ሄደ። ሰውዬው በወጣትነታቸው ፒያሳ ልብስ ስፌት ቤት ሠርተው የተመለሱ፣ አሁን የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፉና ሱሪ የሚያሳጥሩ ሽማግሌ ናቸው። ስልኩን ተቀብለው ከዓይናቸው አርቀው አዩት።

«ሰርጉ በስንት ሰዓት ነው?» አሉት።

«ከቤተ ክርስቲያን በሦስት ሰዓት እንወጣለን፣ ጋሼ። ከዚያ ሙሽሪት ቤት፣ ከዚያ ዳስ ገብተን ምሳ ነው።»

«ማታስ?»

«ማታማ ያው ቤት ነው።»

«እንግዲያ ይኼ የማታ ልብስ ነው፤ ለማን ልታሳየው ነው?»

መምህሩ ሳቀ። ሽማግሌው ግን አልሳቁም። ወንበር ሰጡትና ቀኖቹን አንድ በአንድ ያስቆጥሩት ጀመር። ቤተ ክርስቲያን ላይ ከኮቱ በላይ ነጠላ ይደረባል፤ ኮሌታው አይታይም። ተክሊል ከሆነ ደግሞ ካባ ይለበሳል፤ ኮሌታው አይታይም። ለመልሱ ጥቁር ባለ ወርቅ ጥልፍ ካባ ይደረባል፤ አሁንም አይታይም። የሚታየው ዳስ ውስጥና ፎቶ ላይ ነው፤ እሱም ጠራራ ፀሐይ ነው። ከዚያ በኋላስ? ሰኞ ትምህርት ቤት አለ። የወላጆች ስብሰባ አለ፣ የተማሪ ምርቃት አለ፣ የጓደኛ ሰርግ ላይ ሚዜነት አለ፣ ክርስትና አለ። ለቅሶም አለ።

«በሚያብለጨልጭ ኮሌታ ለቅሶ ትገባለህ?» አሉት።

«አልገባም።»

«አንድ ልብስ ነው የምትገዛው ወይስ ሁለት?»

«አንድ ነው፣ ጋሼ።»

እዚህ ላይ ሒሳቡ ቀላል ነው። ቁርጥ ኮሌታ ያለው ጥቁር ሰማያዊ ልብስ ከተቆጠሩት ቀኖች ሁሉንም ይሸፍናል። ሹሉ ሰርጉን፣ ምርቃቱንና ሚዜነቱን በደንብ ይሸፍናል፤ ለወላጆች ስብሰባ ግን ትንሽ ይበዛል፣ ለቅሶ ላይም ዓይን ይስባል። ሻሉ አንዱን ቀን ብቻ ነው የሚሸፍነው፤ እሱንም በትክክለኛው ሰዓት አይደለም። ሻሉ ብቻውንም አይመጣም። ቢራቢሮ ከረባት ይጠራል፤ በሱሪው ጎን የሚወርድ የሳቲን መስመር ይጠራል፤ ቀበቶ የሌለው ወገብ ይጠራል። ሱሪው ለብቻው ትምህርት ቤት አይለበስም። ኮቱም በሌላ ሱሪ አይለበስም። ሰውዬው የገዛው ልብስ ሳይሆን የአንድ ቀን ምሽት ነው።

ሳቲኑ ራሱ ሌላ ጣጣ አለው። ካውያ በቀጥታ ከነካው ይበላሻል። የውሃ ጠብታ ምልክት ይተውበታል። ሻካራ ነገር ሲነካው ክሩ ይመዘዛል። አበባ ወይም ምልክት በመርፌ ከተሰካበት ቀዳዳው አይዘጋም፤ የሱፍ ጨርቅ ግን ሲታሽ ቀዳዳውን መልሶ ይዘጋዋል። የማገዶ ጭስና የገበያ አቧራ ባለበት አገር ሳቲን ዕድሜው አጭር ነው።

«ሹሉስ?» አለ መምህሩ። አዲስ አበባ ውስጥ ባለ ሹል ኮሌታ ያያቸው ሰዎች ቁመናቸው ደስ ብሎት ነበር።

ሽማግሌው ሹሉን አልጠሉትም። ችግሩ አሰፋፉ ላይ ነው አሉ። ቁርጡን ማንም መካከለኛ ሰፊ ያወጣዋል። ሹሉ ግን ጫፉ ላይ ብዙ ድርብ ጨርቅ አንድ ነጥብ ላይ ይገናኛል፤ ያ ጨርቅ በጥንቃቄ ካልተከረከመና ካልተገለበጠ ጫፉ ይደነብሻል። ወይም ከጥቂት ወር በኋላ እንደ ደረቀ ቅጠል ወደ ላይ ይጠቀለላል። ርካሽ ሹል ከጥሩ ቁርጥ ያንሳል። መለያውን እንዲህ ነገሩት፦ የሹሉ ጫፍና የአንገቱ ኮሌታ ጠርዝ ተጠጋግተው መቆም አለባቸው፤ በመካከላቸው ጣት የሚያስገባ ክፍት ቦታ ካለ አልተሳካም። ሁለቱም ጎን እኩል ቁመት ላይ መድረስ አለባቸው፤ አንዱ ጆሮ ከሌላው ከፍ ካለ ኮቱ ጠማማ ነው፣ ካውያ አያቃናውም።

ከዚያ ለማንኛውም ኮሌታ የሚሆነውን ምርመራ አሳዩት። መጀመሪያ ስፋቱ ነው። ከአንገቱ ኮሌታ እስከ ትከሻው ስፌት ካለው ርቀት ግማሽ አካባቢ ቢሆን አያረጅም፤ በሴንቲ ሜትር ከ8 እስከ 9 ይሆናል። ሦስት ጣት የማይሞላ ቀጭን ኮሌታና ደረቱን ሁሉ የሚሸፍን ሰፊ ኮሌታ ሁለቱም የፋሽን ናቸው፤ መጥተው ይሄዳሉ። አንድ ልብስ ያለው ሰው ፋሽን አይገዛም።

ቀጥሎ እጥፋቱ ነው። ጥሩ ኮሌታ ወደ ቁልፉ ሲወርድ በስስ ጥቅልል ይወርዳል፤ እንደ መጽሐፍ ገጽ በካውያ ተጨፍልቆ አይተኛም። ምክንያቱ ውስጥ ያለው ማጠንከሪያ ጨርቅ ነው። ማጠንከሪያው በክር የተያያዘ ከሆነ ኮሌታው ሕይወት ይኖረዋል። በማጣበቂያ የተለጠፈ ከሆነ ርካሽ ነው፤ ሲታጠብ ወይም ካውያው ሲበዛበት ማጣበቂያው ይለቅና ደረቱ ላይ እንደ እንጀራ ዓይን ይነፋፋል። ይህን ሳይገዙ ለማወቅ ከታችኛው ቁልፍ በታች የኮቱን የፊት ጨርቅ በሁለት ጣት፣ የውስጡን በሌላው እጅ ይዞ ሳብ ማድረግ ነው። በመካከል ለብቻው የሚንሸራተት ሦስተኛ ጨርቅ ከተሰማ በክር የተያያዘ ነው። ካልተሰማና ውጭው ደርቆ ወፍራም ከሆነ ተለጥፏል። የተለጠፈ ልብስ አይገዛም ማለት አይደለም፤ በመምህር ደሞዝ የሚገኘው አብዛኛው እሱ ነው። ግን በተለጠፈ ዋጋ ይገዛ።

በመጨረሻ ስለ ማስተካከል ነገሩት። ሱሪ ያጥራል፣ ወገብ ይጠባል፣ እጅጌ ይስተካከላል። ሰፊ ኮሌታም በጎበዝ እጅ ሊጠብ ይችላል። ቁርጡን ሹል ማድረግ ግን አይቻልም፤ ለሹሉ የሚያስፈልገው ጨርቅ መጀመሪያውኑ አልተተወም። «በኋላ እናስተካክለዋለን» የሚል ሻጭ ስለ ሱሪው ከተናገረ ይታመን፤ ስለ ኮሌታው ከተናገረ ግን ወደ ሌላ ሱቅ መሻገር ነው።

መምህሩ አዲስ አበባ ወርዶ ሦስት ሱቅ አዳረሰ። የመጀመሪያው ሻጭ ስለ ሰርግ ሲሰማ ወዲያው ሳቲኑን አወረደ። «ሙሽራ እኮ ነህ፤ ቢሮ ልትገባ ነው እንዴ?» አለው። ይህች ዓረፍተ ነገር ብዙ ብር አስወጥታለች። ሻጩን መውቀስ ግን አይቻልም፤ ሥራው መሸጥ ነው፣ የሚያብለጨልጨውም ትርፉ የተሻለ ነው። ሦስተኛው ሱቅ ውስጥ መምህሩ ጥቁር ሰማያዊ፣ ቁርጥ ኮሌታ፣ ባለ ሁለት ቁልፍ የቱርክ ልብስ አገኘ። ኮሌታውን በጣቱ ለካ፤ ከታችኛው ቁልፍ በታች ጨርቁን ሳብ ሳብ አደረገ። ሻጩ ግራ ተጋብቶ «ምን እየፈለግክ ነው?» አለው። «ሦስተኛውን ጨርቅ» አለ።

ሦስተኛው ጨርቅ አልነበረም። ልብሱ የተለጠፈ ነበር። ስለዚህ ዋጋው ላይ ተከራከረ፣ ቀነሰለት፣ ገዛ። ከእህቱ ብር የተረፈው ለነጭ ሸሚዝ፣ ለአንድ ድፍን ቀይ ከረባትና ለጫማ በቃ፤ ትንሽም ለዳሱ ወጪ ሆነ።

እህቱ ፎቶውን ስታይ ደስ አላላትም። እውነቱን መሸሸግ አያስፈልግም። በመልእክቷ «አምሮብሃል፤ ግን መምህር ነው የምትመስለው» አለችው። እሷ የምትኖርበት ከተማ ውስጥ ሰርግ ማታ ነው፣ አዳራሽ ውስጥ ነው፣ መብራቱ ብዙ ነው፤ የላከችው ፎቶም ከዚያ ዓለም የተነሳ ነው። በእሷ አገር ሻሉ ትክክል ነበር። በሞላሌ ዳስ ውስጥ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ትክክል አልነበረም። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ኮሌታው ሳይሆን ሰዓቱና ቦታው ነው የተለየው። እሷ የከፈለችበት ነገር ግን ጨርቁ አልነበረም። ወንድሟ ሰው ፊት ትልቅ ሆኖ እንዲታይ ነበር የፈለገችው። ይህን ያወቀው መምህር የመልሱን ዕለት፣ ካባውን ደርቦ የተነሳውን ፎቶ ላከላት። እሱን ለአሠሪዎቿ አሳየች።

ልብሱ ከዚያ ወዲህ ሥራ አልፈታም። በሚያዝያ ሚዜ ሆኖበታል። በሰኔ ተማሪዎቹ ሲመረቁ ለብሶታል። ክረምት ላይ የሚስቱ አባት ሲያርፉ ከረባቱን አውልቆ፣ ኮቱ ላይ ጋቢ ደርቦ ለቀስተኛ ተቀብሎበታል። ያኔ አንድም ሰው ኮሌታውን አላየውም። ለቅሶ ላይ የሚፈለገውም አለመታየቱ ነው።

ከዚህ ሻል ኮሌታ አይለበስ የሚል ትምህርት የሚወጣ ከሆነ ስህተት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የእራት ግብዣ ያለው፣ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ አዳራሽ የሚገባ ሙሽራ ሻሉን ቢለብስ በቦታው ነው። ያኔም ቢሆን ለአንድ ምሽት ነውና ከመግዛት መከራየት ይሻለዋል። ሹሉም ገንዘብና ጥሩ ሰፊ ላለው፣ ሌላ ልብስም ላለው ሰው ያምራል። ሁለተኛ ልብስ የሚገዛ ሰው ወደዚያ ይሂድ። የመጀመሪያውንና ብቸኛውን የሚገዛ ግን መስታወት ፊት ከመቆሙ በፊት ቀኖቹን ይቁጠር፦ በስንት ሰዓት፣ የት፣ ከማን ጋር፣ ስንት ጊዜ። ብዙዎቹ ቀኖች ቀን ላይ፣ በሥራና በዘመድ መካከል የሚውሉ ሆነው ከተገኙ፣ መልሱ ያቺ ትንሽ ክፍተት ያለችው ኮሌታ ናት።